በ920 ዶላር የተገዛ ቦንድ ስንት ያስገኛል?

ቦንድ ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የሕዳሴው ግድብ ነው። ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ ወይም በባንክ መስኮት ተከፍሎ የተገዛ፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚመለስ ወረቀት። ገዝቶ ካስቀመጠው ሰው መካከል «ዛሬ ብሸጠው ስንት ያወጣልኛል?» ብሎ የጠየቀ ብዙ አይመስለኝም። በዓለም ገበያ ግን ቦንድ የገዛ ሰው ሌላ ጥያቄ የለውም ማለት ይቻላል። ወረቀቱ በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፣ ዋጋውም ይወጣል ይወርዳል። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ገዢው የሚያገኘው ትርፍም አብሮ ይለወጣል። ይህ ትርፍ በመቶኛ ሲገለጽ ነጋዴዎቹ «ይልድ» ይሉታል፣ እኛም እዚህ እንዲሁ እንጠራዋለን።

ይልድን ማስላት ለምን ያስቸግራል? ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ አገር ምሳሌ መዋስ አያስፈልገንም፣ የራሳችን ቦንድ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም አቀፉ የቦንድ ገበያ ወጥታ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ የመክፈያው ቀን ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወለዱ በዓመት አንዴ ሳይሆን በየስድስት ወሩ፣ በጁን 11 እና በዲሴምበር 11 ይከፈላል። እንዲህ በየጊዜው የሚከፈለው ወለድ ኩፖን ይባላል።

ከቢሊዮኑ ወደ አንድ ሺህ ዶላር እንውረድ፣ ለማሰብ ይቀላል። በአንድ ሺህ ዶላር ላይ 6.625 በመቶ በዓመት 66.25 ዶላር ነው። ለሁለት ሲከፈል በየስድስት ወሩ 33.125 ዶላር ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ ከመጨረሻው ኩፖን ጋር ዋናው አንድ ሺህ ዶላር ይመለሳል። ውሉ ይኸው ነው፤ ገበያው ምንም ቢል እነዚህ ቁጥሮች አይነቃነቁም። የሚነቃነቀው ሌላ ሰው ለዚህ ውል ዛሬ ለመክፈል ፈቃደኛ የሚሆንበት ዋጋ ነው።

በጃንዋሪ 2021 መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴር ኢትዮጵያ በቡድን 20 አገሮች «የጋራ ማዕቀፍ» በኩል የዕዳ አከፋፈል ማሻሻያ እንደምትጠይቅ ሲያስታውቅ የዚህ ቦንድ ዋጋ ወዲያው ወደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አበዳሪው ገንዘቤ በሙሉ በቀኑ ይመለስልኛል ወይ ብሎ ተጠራጠረ። የተጠራጠረ ገዢ ደግሞ ለዚያው 33.125 ዶላር እና ለዚያው አንድ ሺህ ዶላር ከበፊቱ ያነሰ ነው የሚከፍለው።

እንግዲህ አንድ ገዢ ጁን 11 ቀን 2021 የዚያን ቀን ኩፖን ሻጩ ከወሰደ በኋላ አንድ ሺውን ዶላር ቦንድ በ920 ዶላር ገዛው እንበል። 920 ለስሌቱ እንዲመች የመረጥሁት ዋጋ ነው፣ የዚያን ቀን የገበያ ዋጋ ነው አላልሁም። ቀኖቹ፣ ኩፖኑና የመክፈያው ጊዜ ግን የእውነተኛው ቦንድ ናቸው። ገዢው ከፊቱ ሰባት ክፍያዎች ይጠብቃል፤ ዲሴምበር 2021፣ ጁን እና ዲሴምበር 2022፣ ጁን እና ዲሴምበር 2023፣ ጁን 2024፣ ከዚያም ዲሴምበር 2024። ሰባተኛው ኩፖን ከአንድ ሺው ዶላር ጋር ይመጣል።

ፈጣን ሰው እዚህ ላይ 66.25ን ለ920 አካፍሎ «7.2 በመቶ ያስገኛል» ይላል። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም፣ ግን ጎደሎ ነው። ገዢው የከፈለው 920 ሆኖ በመጨረሻ የሚቀበለው 1,000 ነው። በመካከል ያለው 80 ዶላርም ትርፉ ነው፣ የሚያገኘው ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ይልድ ኩፖኑን፣ ይህን ሰማንያ ዶላርና የመጠበቂያውን ጊዜ አንድ ላይ የሚያስገባ አንድ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ግን ጥያቄውን ገልብጠን እንጀምር። ይልዱን ብናውቅ ኖሮ ዋጋውን እንዴት እናገኝ ነበር? ይህኛው ቀላሉ አቅጣጫ ነው። ገዢው በዓመት 9 በመቶ ካላገኘ አይገዛም እንበል። ኩፖኑ በየስድስት ወሩ ስለሚመጣ የእኛም የጊዜ መለኪያ ስድስት ወር ይሆናል። ስለዚህ 9 በመቶን ለሁለት እንከፍላለን፣ በየግማሽ ዓመቱ 4.5 በመቶ። ሦስት ዓመት ተኩሉን ደግሞ ሰባት ግማሽ ዓመት እንለዋለን። ምጣኔው ለሁለት ሲከፈል ጊዜው በሁለት ይባዛል፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማድረግ ሙሉውን ስሌት ያበላሸዋል።

ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው 33.125 ዶላር ዛሬ ስንት ነው? 4.5 በመቶ ቢወለድበት 33.125 የሚሆነው ገንዘብ ነው፤ 33.125ን ለ1.045 ስናካፍል 31.70 ዶላር። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ሁለት ጊዜ ለ1.045 ይካፈላል፣ 30.33 ዶላር ይወጣዋል። እንዲህ እያልን ብንወርድ ሦስተኛው 29.03፣ አራተኛው 27.78፣ አምስተኛው 26.58፣ ስድስተኛው 25.44፣ ሰባተኛው 24.34 ይሆናል። ሰባቱም በወረቀቱ ላይ እኩል 33.125 ናቸው። ዛሬ ላይ ቆሞ ለሚያያቸው ግን የመጨረሻው ከመጀመሪያው በሰባት ዶላር ያነሰ ነው። ሰባቱ ሲደመሩ 195.20 ዶላር ይመጣሉ። አንድ ሺው ዶላር ደግሞ ሰባት ጊዜ ለ1.045 ተካፍሎ 734.83 ዶላር ይሆናል። ድምሩ 930.03 ዶላር ነው። ዘጠኝ በመቶ የሚፈልግ ገዢ ለዚህ ቦንድ ከ930.03 ዶላር በላይ መክፈል የለበትም።

ሰባቱን ኩፖኖች አንድ በአንድ ማካፈል ለሚሰለቸው አጭር መንገድ አለ። በግማሽ ዓመቱ ያለውን ምጣኔ r ብንለው የቦንዱ ዋጋ P የሚከተለው ነው፤

```
P = 33.125 × [1 − 1/(1+r)^7] / r + 1000/(1+r)^7
```

የመጀመሪያው ክፍል የሰባቱ ኩፖኖች የዛሬ ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው የዋናው ገንዘብ። በ r ቦታ 0.045 ሲገባ ያው 195.20 እና 734.83 ይመጣሉ። 20 ኩፖን የቀረው ቦንድ ቢሆን በ7 ቦታ 20 ይገባል እንጂ ቀመሩ አይለወጥም።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥያቄ እንመለስ። ዋጋው ታውቋል፣ 920 ዶላር ነው። የጠፋው r ነው። ቀመሩን ገልብጦ r እኩል ይሆናል ማለት የሚቻል ይመስላል፣ ግን አይቻልም። እኩልታው ሲዘረጋ r በሰባት ደረጃ ተባዝቶ ይመጣል። የኖርዌዩ ሒሳብ ሊቅ ኒልስ ሄንሪክ አቤል በ1824 እንዳረጋገጠው አምስትና ከዚያ በላይ ደረጃ ላላቸው እኩልታዎች በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ የሚሠራ አጠቃላይ መፍቻ ቀመር የለም። ስለዚህ የባንክ ባለሙያም ሆነ ኮምፒውተር የሚያደርገው አንድ ነው። አንድ ምጣኔ ይገምታል፣ ዋጋውን ያሰላል፣ ከ920 ጋር ያነጻጽራል፣ ከዚያ ግምቱን ያሻሽላል። እህል የሚመዝን ነጋዴ ድንጋይ እየጨመረና እየቀነሰ ሚዛኑን እንደሚያስተካክል ማለት ነው።

ግምቱ ግን ጭፍን መሆን የለበትም። ሁለት ነገር አስቀድመን እናውቃለን። ቦንዱ በ1,000 ዶላር ቢሸጥ ኖሮ ይልዱ ከኩፖኑ ጋር እኩል 6.625 በመቶ ይሆን ነበር። ከ1,000 በታች ስለተሸጠ ይልዱ ከ6.625 በላይ መሆን አለበት፤ ዋጋ ሲወርድ ይልድ ይወጣል፣ ዋጋ ሲወጣ ይልድ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ 80 ዶላሩን ለሰባት ግማሽ ዓመት እኩል ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 11.43 ዶላር ይደርሰዋል። ይህንን ከኩፖኑ ጋር ደምረን፣ በመግዣውና በመጨረሻው ዋጋ መካከል ላለው ለ960 ብናካፍለው 44.55 ለ960፣ ማለትም በግማሽ ዓመት 4.64 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር መልሱ አይደለም፤ ሰማንያውን ዶላር ዛሬም ነገም እኩል እንደሚመጣ አድርጎ ቆጥሮታል። መልሱ በየትኛው ሰፈር እንዳለ ግን ይነግረናል። ከሁለት በመቶ ወይም ከሃያ በመቶ ጀምሮ መድከም አያስፈልግም።

የ4.5 በመቶውን ቀደም ብለን አስልተነዋል፣ 930.03 ዶላር ነው። ከ920 ይበልጣል፤ ስለዚህ ምጣኔው ከ4.5 መብለጥ አለበት። 5 በመቶን እንሞክር። ኩፖኖቹ 191.67፣ ዋናው ገንዘብ 710.68፣ ድምሩ 902.35 ዶላር። ይህኛው ከ920 ያንሳል። አሁን መልሱን በሁለት ቁጥር መካከል አስገብተነዋል፣ በ4.5 እና በ5 መካከል ነው ያለው። ሁለቱም ሙከራዎች ከ920 በላይ ወይም ሁለቱም በታች ቢሆኑ ኖሮ ወደሚቀጥለው እርምጃ መሄድ አይገባም ነበር። 4 በመቶን ብንሞክር ለምሳሌ 958.74 ዶላር ይወጣል፣ ከ4.5ቱ ጋር በአንድ ወገን ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እስኪሆን ድረስ ሙከራው ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሚመጣው በመካከል በተመጣጣኝ መፈለግ ነው። ምጣኔው ከ4.5 ወደ 5 ሲወጣ፣ ማለትም ግማሽ በመቶ ሲጨምር፣ ዋጋው ከ930.03 ወደ 902.35 ወረደ። ይህ 27.68 ዶላር ነው። እኛ ግን ከ930.03 ወደ 920 መውረድ ብቻ ነው የምንፈልገው፣ 10.03 ዶላር። 10.03 ለ27.68 ሲካፈል 0.362 ይሆናል። ከመንገዱ 36.2 በመቶ ያህል ሄደናል ማለት ነው። የግማሽ በመቶ 36.2 በመቶ 0.181 ነው። 4.5 ላይ ሲደመር በግማሽ ዓመት 4.681 በመቶ፣ በሁለት ሲባዛ በዓመት 9.36 በመቶ። የገዢው ይልድ ይህ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እኔ ግን ማረጋገጥ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ያገኘነውን ምጣኔ ወደ ቀመሩ መልሶ ማስገባት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 4.6812 በመቶ ሲገባ ዋጋው 919.88 ዶላር ይወጣል። 920 አይደለም፣ 12 ሳንቲም ይጎድላል። ስንደምር ተሳስተን ይሆን? አልተሳሳትንም። በመካከል ስንፈልግ ዋጋው በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ቀጥ ባለ መስመር እንደሚወርድ ቆጥረናል። በእውነቱ ግን የዋጋና የይልድ ግንኙነት ወደ ታች የረገበ ቅስት ነው፤ ቀጥ ያለው መስመር ሁልጊዜ ከቅስቱ በላይ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተገኘ ይልድ ከትክክለኛው ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ለተራ ቦንድ ስሕተቱ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጋድል አስቀድሞ ይታወቃል፣ ይህም ራሱ ጥቅም አለው።

የስሕተቱ መጠን የሚወሰነው ሁለቱ ሙከራዎች ምን ያህል በተራራቁ ነው። አንድ ሰነፍ አስሊ 3 በመቶንና 7 በመቶን ብቻ ሞክሮ ነበር እንበል። በ3 በመቶ 1,019.47፣ በ7 በመቶ 801.27 ዶላር ያገኛል። 920 በመካከላቸው አለ፤ ደንቡ ተከብሯል። በተመጣጣኝ ሲፈልግ ግን ዓመታዊ ይልዱ 9.65 በመቶ ይወጣለታል። ከእኛው መልስ በሦስት አሥረኛ ገደማ ይበልጣል። በአንድ ሺህ ዶላር ላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ላይ ግን በዓመት ወደ ሦስት ሺህ ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ነው። በሌላ በኩል ይበልጥ ጠጋ ብለን በ4.67 እና በ4.68 መካከል ብንፈልግ ዋጋዎቹ 920.50 እና 919.95 ይሆናሉ። በመካከላቸው 4.679 ይገኛል፣ በዓመት 9.358 በመቶ። ከመጀመሪያው 9.36 ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ለዓይን አይታይም። ለዚህ ነው ግማሽ በመቶ የሚራራቁ ሁለት ሙከራዎች ለተራ ሥራ ይበቃሉ የሚባለው።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። በኤክሴል ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤

```
=RATE(7,33.125,-920,1000)*2
```

የ920 ምልክት አሉታዊ የሆነው ገንዘቡ ከገዢው ኪስ ስለሚወጣ ነው። ምልክቱ ከተረሳ መልስ ሳይሆን ስሕተት ይመጣል። ማሽኑም ቢሆን ውስጥ ውስጡን የሚሠራው እኛ የሠራነውን ነው፣ ይገምታል፣ ያነጻጽራል፣ ያሻሽላል። ከማሽኑ በፊት ነጋዴዎች ወፋፍራም የቦንድ ሠንጠረዥ መጻሕፍት ነበሯቸው። በእነሱ ላይ ዋጋውን ፈልገው፣ በሁለት ረድፍ መካከል ሲወድቅባቸው ልክ እንደኛ በመካከል ያሰሉ ነበር።

በእጅ ለሚያሰላ ሰው ትልቁ ወጥመድ የግማሽ ዓመቱ ነገር ነው። 9 በመቶን ለሁለት መክፈል ረስቶ ሰባት ጊዜ በ1.09 ቢያካፍል ዋጋው 713.75 ዶላር ይወጣለታል። ይህን ያለ ኮምፒውተርም መያዝ ይቻላል። ሦስት ዓመት ተኩል ብቻ የቀረው፣ ኩፖኑም ከሚፈለገው ይልድ ብዙ ያልራቀ ቦንድ በ713 ዶላር ሊወርድ አይገባውም። ከዚህ የተሻለው ፈተና ግን ስሌቱን ከመጀመር በፊት በ r ቦታ 0.033125 ማስገባት ነው። ውጤቱ ልክ 1,000 ዶላር ካልሆነ ያዋቀርነው ስሌት ውስጥ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ወይ ኩፖኑ አልተከፈለም፣ ወይ በቀመሩ በሁለቱ ክፍሎች የገባው የጊዜ ቁጥር አንድ ዓይነት አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከስሌቱ በኋላ የሚመጣ ነው። 4.679 በመቶን በሁለት አባዝተን 9.36 ብለናል፣ የቦንድ ገበያ ልማድ ይኸው ነው። ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ የመጣው ወለድ ራሱ ለቀሪው ስድስት ወር ይወልዳል። 1.04679 በራሱ ሲባዛ 1.0958 ይሆናል። እውነተኛው የዓመት ዕድገት እንግዲህ 9.58 በመቶ ነው። አንድ ደላላ «ይህኛው ቦንድ በዓመት አንዴ 9.45 በመቶ ይከፍላል፣ ያንተ 9.36 ነው፣ የኔ ይሻላል» ቢል ቁጥሮቹ እውነት ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ነው። የዓመቱ በዓመት፣ የግማሽ ዓመቱ በግማሽ ዓመት ነው የሚነጻጸረው።

እስካሁን ገዢው በኩፖኑ ቀን ነው የገዛው። እውነተኛው ገበያ ግን በየቀኑ ክፍት ነው። በሴፕቴምበር 11 የገዛ ሰው ቀጣዩን ኩፖን ዲሴምበር ላይ በሙሉ ይወስዳል፣ ግማሹን ጊዜ ግን ቦንዱ በሻጩ እጅ ነበር። ስለዚህ ለሻጩ የተጠራቀመውን ወለድ ይከፍለዋል። በእንዲህ ዓይነት የዶላር ቦንዶች የተለመደው አቆጣጠር እያንዳንዱን ወር 30 ቀን፣ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ነው። የእኛን የዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፣ ጳጉሜን የሌለባት ዓመት ናት። ከጁን 11 እስከ ሴፕቴምበር 11 ዘጠና ቀን፣ ከ180ው ግማሽ ነው። 33.125 በግማሽ 16.56 ዶላር። በገበያ ሰሌዳ ላይ 920 ቢታይም ከገዢው የሚወጣው 936.56 ነው። ይልዱን ለማስላት የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ በሰሌዳው ዋጋ ብቻ ያሰላ ሰው ይልዱን ከልክ በላይ ያሳብጠዋል። የመጀመሪያው ኩፖን ደግሞ በግማሽ የጊዜ ርዝመት፣ ሁለተኛው በአንድ ተኩል፣ እንዲህ እያለ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ ሙከራውም ፍለጋውም ያው ነው።

የቀረው ጥያቄ 9.36 በመቶ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይሆናል ብሎ ቆጥሯል። አንደኛው፣ ገዢው በየስድስት ወሩ የሚቀበለውን 33.125 ዶላር በዚያው በ4.68 በመቶ መልሶ ማስቀመጥ ይችላል። ባንክ ዝቅተኛ ወለድ ሰጥቶት 2 በመቶ ብቻ ካገኘበት፣ በመጨረሻ የሚሰበስበው ከተሰላው ያንሳል። ለሦስት ዓመት ተኩል ቦንድ ይህ ብዙ አይጎዳም፣ ለሠላሳ ዓመት ቦንድ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ስሌቱ ሰባቱም ኩፖኖች፣ ዋናውም ገንዘብ፣ በቀናቸው ይከፈላሉ ብሎ ቆጥሯል። ከፍ ያለ ይልድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ገበያው ይህን በተጠራጠረበት ቦታ ነው። ጥርጣሬውን በዚያው ቀመር መለካት ይቻላል። ያው ገዢ በ920 ዶላር ገዝቶ አራት ኩፖን ብቻ ይደርሰኛል፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከሺው 850 ዶላር ብቻ ይመለስልኛል ብሎ ቢያስብስ? 850 የእኔ ግምት ነው፣ ለማየት ያህል። በግማሽ ዓመት 1 በመቶ ብንሞክር የዛሬው ዋጋ 922.06፣ በ2 በመቶ ብንሞክር 866.11 ይወጣል። በመካከል ስንፈልግ 1.04 በመቶ፣ በዓመት 2.07 በመቶ ይሆናል። በተመሳሳይ ወረቀት፣ በተመሳሳይ የመግዣ ዋጋ፣ 9.36 የነበረው 2.07 ሆነ። የተለወጠው ገዢው ይከፈለኛል ብሎ ያሰበው ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ቦንድ ዘጠኝ በመቶ ያስገኛል» ሲላችሁ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ የተጠራቀመው ወለድ መግባቱን፣ ምጣኔው የግማሽ ዓመቱ እጥፍ ወይስ የዓመቱ መሆኑን ጠይቁት። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሁለት ምጣኔ ሞክሩ።

የኢትዮጵያ ቦንድ ምን ሆነ? ጁን 2021 የገዛ ሰው ዲሴምበር 2021ን፣ ጁንና ዲሴምበር 2022ን፣ ጁን 2023ን ተቀብሏል፣ በድምሩ 132.50 ዶላር። ዲሴምበር 11 ቀን 2023 በአጠቃላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነው ኩፖን ሳይከፈል ቀረ፣ የአሥራ አራት ቀኑ የእፎይታ ጊዜም አለፈ። መንግሥት ሁሉንም አበዳሪዎች እኩል ማስተናገድ እንደሚፈልግ ተናገረ። ኢትዮጵያም ከዛምቢያና ከጋና ቀጥሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዕዳዋን በቀኑ ሳትከፍል የቀረች አፍሪካዊት አገር ሆነች። ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ሲደርስ አንድ ቢሊዮኑ ዶላር አልተከፈለም፤ ጉዳዩ በመንግሥትና በቦንዱ ባለቤቶች መካከል ድርድር ላይ ነበር።